ለጎረቤቴ የላክሁት መልእክት

ማክሰኞ ማታ ነው። ዛሬ አንዲት አጭር የቴሌግራም መልእክት ለመጻፍ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀሁ። መልእክቷ ለጎረቤቴ ነበረች።

ከዚህ ልጅ ጋር አንድ የኢንተርኔት መስመር ከተጋራን ስምንት ወር ሆነን። ራውተሩ እኔ ሳሎን ነው ያለው፤ የሱ ክፍል ከግድግዳው ወዲያ ነው። ክፍያውን እኩል እንካፈላለን፣ አንድ ቀን እንኳን አሳልፎብኝ አያውቅም። የአኒሜሽን ተማሪ ነው። እኔ ደግሞ ከቤት ሆኜ ሂሳብ እሠራለሁ።

ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ስብሰባ ነበረን። አለቃዬ የወጪ ዝርዝር እያነበበችልኝ ድምጿ ይቆራረጣል። «አስራ ስምንት ሺህ» ስትል እኔ የደረሰኝ «ስምንት ሺህ» ነው። «አስራ» የምትለው ቃል መንገድ ላይ ቀረች። 8,000 ብዬ መዘገብኩ። ከምሳ በኋላ ሂሳቡ አልዘጋ አለኝ፣ 10,000 ብር ጎደለ። ያንን አስር ሺህ ስፈልግ መሸ። በጣም ነው የከፋኝ።

ማታውኑ በሩን ላንኳኳ ነበር። ግን ጥፋቱ የሱ መሆኑን በምን አወቅሁ? ስለዚህ ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ ለካሁ። ላፕቶፔ ላይ በሁለት መስኮት ሁለት ትእዛዝ ጻፍኩ፣ አንዱ ለራውተሩ፣ አንዱ ለውጭው ዓለም፦

```
ping -t 192.168.1.1
ping -t 8.8.8.8
```

የመጀመሪያው ከላፕቶፔ እስከ ራውተሩ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጀውን ጊዜ ያሳያል። 2 ሚሊሰከንድ። ዋይፋዩ ደህና ነው ማለት ነው። ሁለተኛው መስመሩ ባዶ ሲሆን መቶ አካባቢ ነበር። 3 ሰዓት ተኩል ላይ ግን 1,400 ገባ፣ አልፎ አልፎም ጭራሽ መልስ የለም። እንግዲህ ቤት ውስጥ ሳይሆን መስመሩ ላይ ነው ወረፋ የተያዘው።

ነገሩ የወፍጮ ቤት ሰልፍ ነው። የኔ ድምፅ አንድ ቁና እህል ነው፣ ሲደርስበት ወዲያው ተፈጭቶ ያልቃል። ከፊቱ ግን አስር ኩንታል የያዘ ሰው ከቆመ ቁናዋም አብራ ትጠብቃለች። ድምፅ ደግሞ መጠበቅ አይችልም። ዘግይቶ ከደረሰ ይጣላል። «አስራ» የጠፋችውም እንዲሁ ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የራሴ ስልክ! ቅዳሜ ሠርግ ላይ ያነሳኋቸውን ቪዲዮዎች ለመጠባበቂያ ወደ ላይ እየጫነ ነው። የኛ መስመር ሲያወርድ ሰፊ ነው፣ ሲልክ ግን ጠባብ ነው። ጠባቡን በር የዘጋሁት እኔ ራሴም ነኝ። አጠፋሁት። 1,400 የነበረው ወደ 600 ወረደ። ያለዚህ ሙከራ ልጁን ባልሠራው ሁሉ ልወቅሰው ነበር።

የቀረው 600 የሱ መሆኑን የነገረኝ ራሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ደረጃ ላይ ስንገናኝ 40 ጊጋ የትምህርት ፋይል በቶረንት እያወረደ እንደሆነ ደስ ብሎት አውርቶኛል። ቶረንት ደግሞ አውርዶ ዝም አይልም፤ ያወረደውን መልሶ ለሌሎች ይልካል። ፋይሉ አለቀ ብሎ ትቶት ሲወጣ እንኳን ጠባቧ በር ላይ ቆሞ ይውላል። ብዙ ሰው ይህንን አያውቅም።

ባለቤቴ «የራውተሩ ፓስወርድ አንቺ ጋ ነው፣ ለምን ፍጥነቱን አትቀንሺበትም?» አለኝ። አልፈለግሁም። ግማሹን የሚከፍል ሰው ነው። ሳይነግሩት እጁን መያዝ ነውር ነው።

ቡና ጠርቼው ለመንገርም አስቤ ነበር። ግን ፊት ለፊት ብነግረው ይሉኝታ ይይዘውና «እሺ፣ ችግር የለም» ብሎኝ ይሄዳል። የማይመቸውን ነገር አይነግረኝም። ሰዓቱንም ቁጥሩንም ይረሳዋል። ጽሑፍ ከሆነ አስቦበት ይመልሳል።

መጀመሪያ የጻፍኩት «ኢንተርኔቱን እየጨረስከው ሥራ መሥራት አልቻልኩም» ይል ነበር። ሰረዝኩት። መስመሩ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ያጣላን ሰዓቱ ነው። «ትንሽ ቀንስልኝ» የሚለውንም ሰረዝኩ። ትንሽ ስንት ነው? በመጨረሻ የላክሁት ይሄ ነው፦

«ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት አመሸህ? ትምህርትስ እንዴት ነው? አንድ ነገር ላስቸግርህ። ጠዋት ስብሰባ ላይ ድምፅ እየተቆረጠብኝ ሥራ ላይ ስህተት ሠራሁ። ሳየው መስመሩ ሞልቶ ነው፤ የኔ ስልክም ቪዲዮ ሲጭን ነበር፣ እሱን አጥፍቻለሁ። አንተም ከቻልክ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3 እስከ ከሰዓት 11 ሰዓት ቶረንቱን ዝቅ ብታደርግልኝ፤ ማውረጃውን በሰከንድ 200 ኪሎባይት፣ መላኪያውን 20 ላይ። ማቆም አይጠበቅብህም። ከማታው 3 ሰዓት ጀምሮ ግን እንደፈለግህ ልቀቀው፤ 40 ጊጋው እስከ ጠዋት 12 ሰዓት ያልቃል። የማይመችህ ነገር ካለ ደግሞ ንገረኝ፣ እንነጋገራለን።»

ያቺን የ12 ሰዓት ነገር በወረቀት አስልቻታለሁ። መስመራችን 10 ሜጋቢት ነው። ፋይል የሚለካው በባይት ስለሆነ ለ8 ሲካፈል በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ይሆናል። 40 ጊጋ በዚህ ፍጥነት 9 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። መብራት ከሄደም ቶረንት ካቆመበት ይቀጥላል።

መልሱ በሃያ ደቂቃ መጣ። «ይቅርታ እህቴ፣ መልሶ እንደሚልክ አላወቅኩም ነበር። አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ።»

ሐሙስ ማታ

ትናንት እስከ 5 ሰዓት ድረስ ሰላም ነበር። ልክ 5 ሰዓት ሲሆን ቁጥሩ እንደገና 600 ገባ። ለደቂቃ ቃሉን የበላ መስሎኝ ልቤ ደነገጠ። ግን ደቂቃ ሳያዛንፍ 5 ሰዓት ላይ መሆኑ አጠራጠረኝ። የቶረንት ፕሮግራሙ ላይ የሞላውን ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። qBittorrent ውስጥ Alternative Rate Limits የሚለው ላይ ከ03:00 እስከ 11:00 ብሎ ሞልቷል። እኔ በኛ ሰዓት ጻፍኩለት፣ እሱም እንዳለ አስገባው። ኮምፒውተሩ ግን ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 5 ሰዓት ብሎ ነው የተረዳው። ስለዚህ 5 ሰዓት ላይ ለቀቀው። 09:00 እና 17:00 ብሎ አስተካከለው። መልእክቱ ውስጥ ሁለቱንም አጻጻፍ ማስገባት ነበረብኝ።

ዛሬ ሙሉ ቀን ከ150 አላለፈም። የጠዋቱን ስብሰባ አንድም ቃል ሳይጠፋብኝ ጨረስኩ።

ማታ ላይ እሱም ጻፈልኝ። «እህቴ፣ የማይመችህን ንገረኝ ስላልሽኝ ነው። ቅዳሜ ማታ ጋሼ ኳስ ሲያዩ የቪዲዮ ትምህርቴ ይቆምብኛል። ከ2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ ጥራቱን ቢቀንሱልኝ።» ስምንት ወር ሙሉ ይህንን በሆዱ ይዞ ኖሯል! ለባለቤቴ አነበብኩለት። ትንሽ ዝም አለና 480 ላይ እንዴት እንደሚደረግ አሳዪኝ አለኝ።