«በአንድነትና በነጠላ» የሚለውን ሳላነብ ዋስ ሆንኩ

የፈረምኩት ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ነው። ጓደኛዬ ሚኒባሱን ለማስጠገን 150,000 ብር ሊበደር ነበር። አበዳሪው ቋሚ ደመወዝ ያለው ዋስ አምጣ አለው። አሥራ አንድ ዓመት የማውቀውን ሰው እምቢ ማለት ከበደኝ። የደመወዝ ደብዳቤዬን ሰጥቼ፣ ገጾቹን ሳላነብ ፈረምኩ።

አምስት ወር ከፈለ። በስድስተኛው ስልኩ ተዘጋ። ካዛንቺስ የተከራየበት ቤት ስሄድ አከራይዋ «ልጄ፣ ዕቃውን ጭኖ ከሄደ ሁለት ሳምንቱ ነው» አሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ ከነወለዱና ከነቅጣቱ 139,000 ብር ክፈል የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ደነገጥኩ፤ ግን መጀመሪያ እሱን ይከሳሉ፣ ንብረቱን ይሸጣሉ፣ የጎደለውን ብቻ ከእኔ ይጠይቃሉ ብዬ ነበር። ውሉን ይዤ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ወዳሉ ጠበቃ ሄድኩ። አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፦ «ዋሱ ከተበዳሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነው።»

እንዳስረዱኝ፣ እንዲህ ብሎ የፈረመን ዋስ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይነካ በቀጥታ ሊከሰው ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1933 ነው። ይህ ቃል ባይኖር ኖሮ «መጀመሪያ የእሱን ንብረት» ማለት እችል ነበር። ያም ቢሆን ክሱ እንደመጣ ወዲያው ማንሳትና ንብረቱን መጠቆም ይጠበቅብኛል። ያንን መብት ካፌው ውስጥ በፊርማዬ ትቼው ኖሯል።

ያተረፈኝ ሌላ መስመር ነው። ዋስትናው «እስከ 120,000 ብር» ይላል። በቁጥር 1922 መሠረት ከፍተኛው መጠን ያልተጻፈበት ዋስትና አይጸናም፤ ከተጻፈው በላይም አልጠየቅም። ጠበቃው ይህንን በጽሑፍ ሲያሳውቁ አበዳሪው ወደ 120,000 ወረደ። ክስ ሳይከፈት በስድስት ጊዜ ልከፍል ተስማማን።

ከመክፈሌ በፊት ለጓደኛዬ ማስታወቂያ ላክሁ፤ ቅጂውን ለእህቱም ሰጠሁ። ምክንያቱም ሳላሳውቀው ከፍዬ እሱም ሳያውቅ ደግሞ ቢከፍል፣ ገንዘቤን ከእሱ መጠየቅ አልችልም። ደረሰኞቹን ሁሉ «በዋስትና የተከፈለ» አስብዬ ተቀበልኩ። እነሱ ናቸው ማስረጃዬ።

ከፍዬ እንደጨረስኩ ከሰስኩት። አድራሻው ስላልተገኘ መጥሪያው በጋዜጣ ወጣ። ከሁሉ በፊት ግን ሚኒባሱ እንዳይሸጥና ስሙ እንዳይዛወር የእግድ ትእዛዝ አስወጣን። ፍርዱ ቢሰጥም የሚሸጥ ነገር ከሌለ ወረቀት ብቻ ነው፤ እግዱን ሁለት ወር ቀደም ብዬ ባስወጣው ኖሮ እላለሁ። ሚኒባሱ አሁንም በእሱ ስም ነው። የአፈጻጸም መዝገቡ ተከፍቶ የግምት ቀጠሮ እየጠበቅኩ ነው።