ቀኝ ጉንጩ

ልጄ የተወለደው መስከረም ላይ ነው። አርባ ቀኑ ሞልቶ ክርስትና ሲነሳ ቆዳው ለስላሳ ነበር። ኅዳር አጋማሽ ላይ ግን ጉንጩን ስስመው ከንፈሬ ላይ ሻከረኝ። በሁለተኛው ሳምንት ግንባሩና የክንዱ ውጪ በኩልም እንደዚያው ሆኑ። ሌሊት ጉንጩን ክንዴ ላይ እያሸ ይነጫነጫል፤ እሱም አይተኛም፣ እኔም አልተኛም።

መጀመሪያ ሽፍታ መሆኑን እንኳ አልጠረጠርኩም። ሽፍታ ቀይ ነው ብዬ ስለማምን ቀይ ነገር ፈልጌ አጣሁ። እንደኛ ጠየም ባለ ቆዳ ላይ ግን ችፌ ብዙ ጊዜ ጠቆር ወይም አመድማ ብሎ ነው የሚታየው። ጥቃቅን ጉብታዎች ይኖሩታል፤ ከዓይን ይልቅ እጅ ቶሎ ያገኘዋል። አሁን በየቀኑ ጠዋት የእጄን ጀርባ በጉንጩና በክንዱ ላይ አሳልፋለሁ። የሻከረ ቦታ ካለ ገና ሳይታይ ይነካኛል።

የሠፈሩን ምክር ሁሉ ሞከርኩ። እማዬ «ቅቤ ቀቢው» አለችኝ፤ ቀባሁት። ጎረቤታችን «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አመጡ። እኔ ደግሞ ቆሻሻ መስሎኝ በየማታው ሞቅ ባለ ውኃ፣ ሽታው በሚጣፍጥ ሳሙና አረፋ አስነስቼ አሸሁት። ከሳፋው ሲወጣ ንጹሕ ይመስላል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቆዳው ጥብቅ ብሎ እንደ ደረቀ ልስን ይሰነጣጠቃል። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ክርኑ ጋ ማዠት ሲጀምር ይዤው ወደ ሐኪም ሄድኩ።

ሐኪሟ ቆዳውን ካየች በኋላ የዳይፐሩን ቦታ ገልጣ አየች። እዚያ ምንም አልነበረም። «እናቱ፣ የሕፃን ችፌ ይህን ቦታ ብዙ ጊዜ አይነካም» አለችኝ። ከዚያ እንዴት እንደማጥበው አንድ በአንድ አስነገረችኝ። ስጨርስ አልተቆጣችኝም። የልጁ ቆዳ ውኃ መያዝ የማይችል እንደሆነ፣ ውስጡ ያለው እርጥበት እንደሚያመልጥና ከውጭ የሚያስቆጣ ነገር በቀላሉ እንደሚገባ አስረዳችኝ። ሳሙናና ሙቅ ውኃ ያለችውን ትንሽ ቅባት ጠርገው ይወስዳሉ። በዚያ ላይ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ በበጋ አየሩ ደረቅ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። የእኔ ልጅ ችፌ የበጋ መጀመሪያን ጠብቆ የወጣው ለዚህ ይመስለኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተጣጠቤ ተቀየረ። ልብሱን ከማውለቄ በፊት ፎጣውን አልጋው ላይ እዘረጋለሁ፤ የቫዝሊኑን ክዳን ከፍቼ ከአጠገቡ አስቀምጣለሁ። ውኃው ለክርኔ ሙቅም ቀዝቃዛም የማይሰማኝ ለብ ያለ መሆን አለበት። ሳፋው ውስጥ የሚቆየው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው፣ አይበልጥም። ሳሙና የምጠቀመው መጨረሻ ላይ፣ ሽታ የሌለውን፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ ብቻ ነው። ሲወጣ አላሸውም፤ ፎጣውን ጫን ጫን እያደረግሁ ውኃውን አነሳለሁ። ቆዳው ገና እርጥብ እያለ፣ በ3 ደቂቃ ውስጥ፣ ከፊቱ እስከ እግሩ ቫዝሊን እቀባዋለሁ። ቅባቱ ውኃ አይጨምርም፤ ያለውን ይዘጋበታል እንጂ። ቆዳው ከደረቀ በኋላ ከቀባሁት የምዘጋበት እርጥበት የለም ማለት ነው።

ውኃ ጠፍቶ ሦስት ቀን ሳላጥበው የቀረሁበት ጊዜ አለ። ያኔ በጣም ተጨንቄ ነበር። ሐኪሟ ግን በየቀኑም ሆነ በየሁለት ቀኑ ማጠብ ችግር እንደሌለው፣ የማይዘለለው ቅባቱ እንደሆነ ነገረችኝ። ባልታጠበበት ቀን ፊቱንና እጥፋቶቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጌ ጠዋትና ማታ እቀባዋለሁ።

ዋናው ስሕተቴ መጠኑ ነበር። እኔ በጣቴ ጫፍ ነክቼ ነበር የምቀባው፤ አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ሁለት ወር ትቆየኝ ነበር። እሷ በሳምንት 100 ግራም ገደማ አለችኝ። ባለ 250 ግራሙ ዕቃ በሁለት ሳምንት ተኩል ያልቃል ማለት ነው። ባለቤቴ ሲሰማ «ልጁን ነው የምንቀባው ወይስ ቤቱን?» አለ፤ ግን ገዛ። ትክክለኛው መጠን ሲቀባ ቆዳው ያብለጨልጫል፣ ስትይዢው ያንሸራትታል። ከዕቃው የማወጣው በንጹሕ ማንኪያ ነው፤ ጣት በገባ ቁጥር ጀርም ይገባል። አንድ ነገር ደግሞ ማንም አይነግርሽም። ቫዝሊን የጠጣ ልብስ እሳት ቶሎ ይይዛል። ቡና ሲፈላ ልጁን ከከሰሉ አጠገብ አላስቀምጠውም፤ ልብሱንም ቶሎ ቶሎ አጥባለሁ።

ለሻከሩት ቦታዎች 1 ፐርሰንት ሃይድሮኮርቲዞን ታዘዘለት፤ ስስ አድርጎ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ7 ቀን። ፈራሁ። ስቴሮይድ ቆዳ ያሳሳል ሲባል ሰምቼ ስለነበር ሁለት ቀን ሳልቀባው ቀረሁ። ተመልሼ ስጠይቅ ቆዳ የሚያሳሳው ጠንካራው ዓይነት ለረዥም ጊዜ ሲቀባ እንደሆነ፣ ይኼኛው ደካማ እንደሆነ ገለጸችልኝ። አንዲት ጓደኛዬ «ለማንኛውም ሽፍታ ይሆናል» ብላ ፊቷን የምታቀላበትን ቱቦ ሰጥታኝ ነበር። እንዲህ ያለ ቅባት ውስጥ ብዙ ጊዜ ለሕፃን ፊት ፈጽሞ የማይሆን ጠንካራ ስቴሮይድ አለ። እባካችሁ፣ ስሙን የማታውቁትን ቱቦ ልጅ ላይ አትሞክሩ።

በአሥር ቀን ክንዱና ግንባሩ ለሰለሱ። ቀኝ ጉንጩ ግን እምቢ አለ። ግራው ድኗል፣ ቀኙ ሻካራ ነው። ሁለቱም እኩል ይቀባሉ፣ በአንድ ውኃ ይታጠባሉ።

ወተትሽ ነው ያሉኝ ብዙ ናቸው። ግን ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ወተት፣ ቅቤ፣ ዕንቁላልና ሥጋ ካቆምኩ ሳምንታት አልፈዋል። የምታጠባ እናት ባትጾምም ይቻላል፤ እኔ ግን ጾሜ ነበር። ሽፍታው የባሰበት ደግሞ በዚያው ጾም ውስጥ ነው። ገና ላይ ዶሮውንም ወተቱንም በላሁ፤ ቆዳው አልተለወጠም። ደግሞስ ምግብ ቢሆን አንድ ጉንጭ ብቻ ይመርጣል? ሐኪሟ የምግብ አለርጂ ሲሆን ብዙ ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ የሚያብጥ ሽፍታ፣ ማስመለስ ወይም የፊት እብጠት እንደሚታይ ነግራኛለች። እሱ ይህ ኖሮት አያውቅም። ስለዚህ ከራሴ ምግብ ምንም አልቀነስኩም።

ደብተር ያዝኩ። በየቀኑ ማታ ሦስት ነገር ብቻ እጽፋለሁ፦ የጉንጩ መሻከር ከ0 እስከ 3 ስንት ነው፣ እንዴት ተኛ፣ ዛሬ ምን አዲስ ነገር ነካው። ሕጌ አንድ ነበር፤ በአንድ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ እለውጣለሁ። መጀመሪያ ለሃጩንና ወተቱን ጠረጠርኩ። ከማጥባቴ በፊት ጉንጩን ቫዝሊን ቀባሁት። ከ3 ወደ 2 ወረደ፣ እዚያ ቆመ። ቀጥሎ የልብሱን የዱቄት ሳሙና ቀነስኩ፣ ሁለት ጊዜም አለቀለቅሁ። ያው 2።

አንድ ሌሊት ሳጠባው ዝቅ ብዬ አየሁት። ቀኝ እጄ ሥራ ስለሚፈታ ሁልጊዜ በግራ ክንዴ ነው የማቅፈው። እንቅልፍ የሚወስደውም እዚያው ነው። እንደዚያ ሲተኛ ወደ ታች የሚሆነው ቀኝ ጉንጩ ነው። ጉንጩ ያረፈው ደግሞ እማዬ በእጇ የሠራችልኝ የሱፍ ሹራብ እጅጌ ላይ ነበር። በለሃጭ ርሷል፣ ሱፉ ቆሟል፣ ልጁ ፊቱን እያሸበት ነው። ለሦስት ወር ሌሊት ሌሊት ከጉንጩ ሥር የነበረው ይኼ ነው።

በማግሥቱ ሹራቡን አጥፌ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። በጥጥ ልብስ ላይ ጋቢ ደረብኩ። በአምስተኛው ቀን ደብተሬ ላይ 1 ጻፍኩ፣ በስምንተኛው 0። አንድ ሌሊት በጣም ቀዝቅዞኝ ሳላስብ ሹራቡን ለበስኩት። ጠዋት የእጄን ጀርባ ሳሳልፍበት ጉንጩ ሻክሯል። ከዚያ በኋላ አልተጠራጠርኩም።

እማዬ ስነግራት ከፋት። «አንቺንም በሱፍ ነው ያሳደግሁሽ» አለች። እውነቷን ነው፤ የእኔ ቆዳ ችሎታል፣ የእሱ አልቻለም። አሁን ስትጎበኘን ልታቅፈው ስትል ከቦርሳዋ የታጠበ ነጠላ አውጥታ ክንዷ ላይ ታነጥፋለች።

ጥምቀት ላይ ግን ደብተሬ አልረዳኝም። ጥር 11 ፋሲለደስ መዋኛ ይዤው ሄድኩ። አዲስ የናይለን ልብስ፣ ፀሐይ፣ አቧራ፣ ዕጣን፣ ላብ፣ ሽቶ የተቀባ ሰው ሁሉ እየሳመው። በማግሥቱ አንገቱና ደረቱ ተነሣ። ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም፤ ሁሉም በአንድ ቀን ነው የመጣው። በኋላ ነጣጥዬ ስሞክር ሙቀት መሆኑን ያየሁት ቤት ውስጥ ነው። ብርድ ይመታዋል ብለን ሦስት ድርብ ባለበስነው ሌሊት አንገቱ ይረጥባል፣ ጠዋት ሽፍታ አለ። አሁን ጀርባውን በእጄ እፈትሻለሁ፤ ካላበው አንድ ልብስ እቀንሳለሁ። የዕጣኑን ነገር ግን እስካሁን አላውቅም። ለማንኛውም ሲጨስ ሌላ ክፍል ይሆናል።

ሐኪሟ ሳልጠብቅ እንድመጣ ያስጠነቀቀችኝ በሁለት ነገር ነው። አንዱ ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊትና ፈሳሽ ነው፤ ጀርም ገብቶበታል ማለት ነው። ሌላው ተሰብስበው የወጡ፣ ተቦርቡረው የሚቀሩ ትናንሽ ውኃ የቋጠሩ ነገሮች ናቸው፤ በተለይ ትኩሳት ካለው። እነሱ ከንፈር ላይ ቁስል ከሚያወጣው ሄርፒስ ቫይረስ ሊመጡ ስለሚችሉ ለነገ አይባልም። ለዚያ ነው ከንፈሩ የቆሰለ ሰው ልጄን እንዲስመው የማልፈቅደው።

የዳነው ጉንጭ ላይ ነጣ ያለ ቦታ ቀርቶ ነበር። ሰዎች ለምጽ ነው ወይ ብለው አስደነገጡኝ። አይደለም፤ ችፌ ሲድን ቀለሙ ለወራት ይቀንሳል። ሐምሌ ላይ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ።

ክረምቱን ቆዳው ደህና ከረመ። አሁን ጥቅምት ገብቶ ነፋሱ ደረቅ ሆኗል። ትናንት ጠዋት የእጄን ጀርባ በክርኑ ላይ ሳሳልፍ ትንሽ ሻከረኝ። ማታ ባለቤቴ ሁለት ባለ 250 ግራም ቫዝሊን ይዞ ገባ፤ እኔም አዲስ ገጽ ገልጬ «ክርን፣ 1» ብዬ ጻፍኩ።