ስድስት መቀነሱ ቀላል ነው፤ ሌሊቱ የየትኛው ቀን ነው?

በአንድ አነስተኛ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ መሥራት ከጀመርኩ አራተኛ ወር ይዣለሁ። የእንግዶቹ ትኬት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ተጽፎ ይመጣል። ሾፌሮቹ፣ ወጥ ቤቱና ጥበቃዎቹ ደግሞ የሚያውቁት የእኛን ሰዓት ነው። አንዱን ወደ ሌላው የምቀይረው እኔ ነኝ። የተማርኩትን ከዚህ በታች የማሰፍረው በአብዛኛው ተሳስቼ የተማርኩት ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት የያዝኩት «ስድስት ቀንስ» የሚለውን ብቻ ነበር። 14:30 ሲቀነስ 6 ከቀኑ 8፡30 ይሆናል። ደቂቃው አይነካም። ከዚያ 02:15 የሚል ትኬት መጣና ከሁለት ላይ ስድስት መቀነስ አቃተኝ። የረዳኝ ግድግዳው ላይ ያለው ክብ ሰዓት ነው። ክቡ አሥራ ሁለት ቁጥር ብቻ ስላለው ስድስት ብንጨምርም ብንቀንስም የምንደርሰው እዚያው፣ ከቁጥሩ ፊት ለፊት ነው። የሁለት ትይዩ ስምንት ነው፤ ስለዚህ 02:15 ከሌሊቱ 8፡15 ነው። ልማዴ አሁን ይህ ነው፦ ከ00:00 እስከ 05:59 ስድስት እጨምርና «ከሌሊቱ» እላለሁ፤ ከ06:00 እስከ 17:59 ስድስት እቀንሳለሁ፤ ከ18:00 ጀምሮ አሥራ ስምንት እቀንሳለሁ። ዜሮ ከወጣ 12 ነው፦ 06:40 ከጠዋቱ 12፡40፣ 18:40 ደግሞ ከምሽቱ 12፡40።

ወደ ኋላ ስመልስ ግን ቁጥሩ ብቻውን አይበቃኝም። «11 ሰዓት» የሚል ማስታወሻ 05:00ም 17:00ም ሊሆን ይችላል። አንድ የውጭ አገር እንግዳ «መኪናው በ12 ይመጣል» ተብሎ እኩለ ቀን ላይ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ሲቆም አይቻለሁ፤ መኪናው የመጣው ሲመሽ ነው። ከዚያ ወዲህ «ከሌሊቱ»፣ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» የሌለውን ሰዓት አልቀበልም። ለእንግዳ ስጽፍ ደግሞ ሁልጊዜ አራት አኃዝ እጽፋለሁ፤ 06:00 እንጂ 6 አልልም።

ትልቁ ስህተቴ ግን በሰዓቱ ላይ አልነበረም። አንድ እንግዳ ረቡዕ በ01:40 ይደርሳሉ የሚል ትኬት ላኩ። 1 ሲደመር 6 ሰባት ነው። በሾፌሩ መዝገብ ላይ «ረቡዕ ከሌሊቱ 7፡40፣ ቦሌ» ብዬ ጻፍኩ። ስሌቱ አልተሳሳተም። ማክሰኞ ሌሊት እንግዳው ደርሰው ማንም ሳይቀበላቸው ቀረ፤ በራሳቸው ታክሲ መጡ። ጠዋት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸውን ሾፌራችንን ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ ረቡዕ ሌሊት ካልሽኝ ረቡዕ ውዬ፣ ሲመሽ ነው የምሄደው። ዛሬ ገና ረቡዕ ጠዋት አይደለም እንዴ?»

ትክክል ነበሩ። በትኬቱ አቆጣጠር ቀኑ የሚቀየረው 00:00 ላይ፣ ማለትም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። በእኛ ልማድ ግን ሌሊቱ ያመሸበት ቀን ቅጥያ ነው፤ ማክሰኞ የመሸ ሌሊት ጎሕ እስኪቀድ ድረስ የማክሰኞ ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋቱ 12 ያሉት ስድስት ሰዓታት በትኬት ላይ የረቡዕ፣ በጋሼ ዘንድ የማክሰኞ ናቸው። (በዓል የሚጠብቁ ሰዎች ደግሞ ዋዜማው ሲመሽ በዓሉ እንደገባ ስለሚቆጥሩ፣ «የረቡዕ ሌሊት» ሲባል በተቃራኒው የሚረዱም አሉ። ክርክሩ ውስጥ አልገባሁም።)

መፍትሔውን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፦ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ብለሽ ጻፊልኝ።» ይህ አባባል ሁለቱንም ቀን ስለሚጠራ ሌላ ትርጉም አይሰጠውም። አሁን በመዝገቡ ላይ ያ መስመር «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7፡40» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ለተጓዥም ይሠራል፦ ትኬቱ ረቡዕ 01:40 ካለ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚኬደው ማክሰኞ ማታ ነው።

በሦስተኛው ወር ሥራውን ወደ ኮምፒውተር ሠንጠረዥ አዛወርኩት። መጀመሪያ የጻፍኩት ቀመር ሰዓቱ ላይ ስድስት ጨምሮ ለ12 የሚያካፍልና ቀሪውን የሚወስድ ነበር። ሁለት ቀን በደንብ ሠራ። በሦስተኛው ቀን 18:40 ለሚነሳ እንግዳ «0:40» የሚል ወጣልኝ። ሃያ አራት ለአሥራ ሁለት ሲካፈል ቀሪ የለውም፤ በእኛ ሰዓት ደግሞ ዜሮ ሰዓት የለም። አምስት ጨምሮ ቀሪውን ከወሰዱ በኋላ አንድ መጨመር ነገሩን ፈታው። A2 ላይ የትኬቱ ቀንና ሰዓት አብረው ካሉ፦

```
=MOD(HOUR(A2)+5,12)+1&":"&TEXT(MINUTE(A2),"00")
=TEXT(A2-0.25,"dddd")
```

የመጀመሪያው ሰዓቱን፣ ሁለተኛው ሌሊቱ የሚቆጠርበትን ቀን ይሰጣል። ሠንጠረዡ አንድን ቀን እንደ 1 ስለሚቆጥር ስድስት ሰዓት 0.25 ነው። ረቡዕ 01:40 ላይ ስድስት ሰዓት ሲቀነስ ማክሰኞ 19:40 ላይ ያርፋል፤ የማክሰኞን ስም ያወጣል። ረቡዕ 06:00 ላይ ሲቀነስ ደግሞ ልክ ረቡዕ 00:00 ስለሚሆን ቀኑ ሳይለወጥ ይቀራል። የትኬቱ ቀን ሁለተኛው ቀመር ካወጣው ቀን ከተለየ «አጥቢያ» መጻፍ እንዳለብኝ አውቃለሁ።

በነገራችን ላይ «ፀሐይ ስትወጣ 12 ሰዓት ነው» ብዬ አምን ነበር፤ ጠዋት ፈረቃ ስገባ ስመለከት ግን አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ሁልጊዜ ዘግይታ ነው የምትወጣው። ምክንያቱ የምንጠቀምበት ሰዓት በምሥራቅ 45ኛው ዲግሪ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ 38.7ኛው ዲግሪ አካባቢ ናት፤ በአንድ ዲግሪ አራት ደቂቃ ሲታሰብ ወደ 25 ደቂቃ ይመጣል። ስለዚህ ፀሐይ መሐል ሰማይ ላይ የምትሆነው በአማካይ ከቀኑ 6፡25 ገደማ ነው። ለሥራዬ ግን ይህ ምንም አይለውጥም፤ ልዩነቱ ክረምት ከበጋ ያው ስድስት ሰዓት ነው።

እስካሁን የሚያናድደኝ ስልክ ነው። ቋንቋውን ወደ አማርኛ ስቀይረው 20:00ን «8:00 ከሰዓት» ብሎ ያሳየኛል። አማርኛ አንባቢ ይህን ሲያይ የሚመጣበት ከሰዓት በኋላ 8፣ ማለትም 14:00 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 መባል የነበረበት ነው። «2:00 ጥዋት» የሚለው ደግሞ ከሌሊቱ 8 መሆኑ ነው። ቃሉ ተተርጉሟል፣ ቁጥሩ ግን የፈረንጅ እንደሆነ ቀርቷል። የስልኬን ሰዓት በ24 አቆጣጠር እንዲያሳይ ካደረግኩት በኋላ «ጥዋት» እና «ከሰዓት» የሚሉት ቃላት ጠፍተውልኛል።

ትናንት ደግሞ አዲስ ነገር ገጠመኝ። የሠንጠረዡን መስመሮች በእኛ ሰዓት ዓምድ ደርድሬ ለጋሼ አተምኩላቸው፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት እና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጎን ለጎን ወጡ፣ «10:20» ደግሞ ከ«2:15» በላይ ተቀመጠ። ቀመሩ የሚያወጣው ጽሑፍ እንጂ ቁጥር ስላልሆነ ነው። አሁን የምደረድረው በትኬቱ ዓምድ ነው፤ የእኛን ሰዓት የማትመው ከጎኑ ነው።