በሁለት አክሲዮኖች መካከል ያለውን ክፍተት ስነግድ

አራት ኪሎ ካለው ቢሮ ስወጣ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሞቅ ብሎ ይጠብቀኛል። ክረምት ላይ የሚከፈተው በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ነው። የምሠራው በዴሞ አካውንት ነው። ገንዘቡ የልምምድ ነው፣ ዋጋው ግን የእውነት። የእኛው የአዲስ አበባ ገበያ በ2017 ዓ.ም. የተጀመረ ስለሆነ ጥንድ የሚመረጥበት ብዙ ኩባንያ ገና የለውም።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ኩባንያዎችን እመርጣለሁ። የአንዱን ዋጋ ለሌላው አካፍዬ የዓመቱን የየቀን ውጤት በኤክሴል አወጣለሁ። አማካዩ 1.50፣ መዋዠቁ ማለትም ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 0.03 ወጣ እንበል። 1.56 ሲደርስ ከአማካዩ ሁለት እጥፍ መዋዠቅ ርቋል ማለት ነው፤ ወደ አማካዩ ይመለሳል ብዬ ያኔ እገባለሁ።

አንደኛው 78 ዶላር፣ ሁለተኛው 50 ዶላር ቢሆን፣ ከውዱ 50 አክሲዮን ከብሮከሩ ተበድሬ እሸጣለሁ፤ ከርካሹ 78 እገዛለሁ። በሁለቱም በኩል 3,900 ዶላር ነው። ከዚያ የገበያው ዋጋ በሙሉ ወጣ፤ አንደኛው 81፣ ሁለተኛው 54 ገባ፤ ውጤቱም ወደ 1.50 ተመለሰ። ተበድሬ የሸጥኩትን መልሼ ስገዛ 150 ዶላር ከሰርኩ፣ የገዛሁትን ስሸጥ 312 አተረፍኩ። ልዩነቱ 162 ነው። ከዚህ ላይ የአራት ግብይት ኮሚሽንና የአክሲዮን ኪራይ ይቀነሳል። በተበደርኩበት ጊዜ ዲቪደንድ ማለትም የትርፍ ክፍፍል ከተከፈለም ለአበዳሪው የምከፍለው እኔ ነኝ።

ብዙ ሰው ጥንድ የሚመርጠው አብረው ሲወጡና ሲወርዱ አይቶ ነው። ይሄ አይበቃም። አንዱ 1 በመቶ ሲጨምር ሌላው ሁልጊዜ 2 በመቶ የሚጨምር ከሆነ በየቀኑ አቅጣጫቸው አንድ ነው፣ ክፍተቱ ግን እየሰፋ ይሄዳል እንጂ አይመለስም። ስለዚህ እኔ የማየው ውጤቱ በዓመት ውስጥ አማካዩን ስንት ጊዜ እንዳቋረጠ ነው። ደጋግሞ ካላቋረጠ ጥንዱን እተወዋለሁ። ይህን መስፈርት ያለፈውንም ጥንድ፣ ለመምረጥ ባልተጠቀምኩበት የሌላ ዓመት ዋጋ እፈትነዋለሁ።

ጥሩ ጥንድም ቢሆን ጊዜ ሊፈጅ ይችላል። ሮያል ደችና ሼል ትርፋቸውን 60 ለ40 የሚካፈሉ እህትማማች ኩባንያዎች ነበሩ። ከዚህ የተሻለ ጥንድ ከየት ይመጣል? ኤልቲሲኤም የተባለው የአሜሪካ ፈንድ ክፍተቱ ይጠባል ብሎ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከሩሲያ ቀውስ ጋር ክፍተቱ ይባስ ሰፋ። ፈንዱ የገባው በብዙ ብድር ስለነበር እስኪጠብ መጠበቅ አልቻለም፤ ከስሮ ወጣ።

ስለዚህ ስገባ የመውጫዬን ቀን አብሬ እጽፋለሁ። ጥንዱ በተለምዶ በ10 የገበያ ቀን የሚመለስ ከሆነ በ30ኛው ቀን፣ ትርፍም ይሁን ኪሳራ፣ እዘጋዋለሁ። ከሁለቱ አንዱ የሩብ ዓመት ሪፖርት በሚያወጣበት ሳምንት ደግሞ ጭራሽ አልገባም። ያኔ ክፍተቱ የሚሰፋው ኩባንያው ራሱ ስለተለወጠ ሊሆን ይችላል፤ አማካዩም የድሮው አማካይ አይደለም።