ሲሚንቶው ከላይ ነው የረጠበው ወይስ ከታች?

በኢንሹራንስ የካሳ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው፤ ጉዳት ሲደርስ ቦታው ድረስ ሄጄ አያለሁ። ቤታቸውን በየምዕራፉ የሚሠሩ ቤተሰቦች ጉዳይ ሁሌም ያሳስበኛል። የግንባታ ኢንሹራንስ ውሉ፣ ማለትም ፖሊሲው፣ የተጻፈው ሥራው ሳይቋረጥ ተጀምሮ እንደሚያልቅ ታስቦ ነው። እነሱ ደግሞ መሠረትና ኮለን አውጥተው ያርፋሉ፣ ገንዘብ ሲገኝ ይቀጥላሉ። በእረፍቱ ጊዜም ዋጋ ሳይጨምር ብለው ዕቃ ይገዛሉ። ስለዚህ ሥራው በቆመበት ሰዓት ግቢው ውስጥ ብዙ ንብረት ይከማቻል።

አንድ ቤተሰብ እንዲሁ 200 ከረጢት ሲሚንቶና ብዙ ጥቅል የኤሌክትሪክ ገመድ ግቢው ውስጥ በተሠራ የቆርቆሮ መጋዘን አስቀምጦ ነበር። ሌሊት ኃይለኛ ነፋስ ጣሪያውን ገነጠለው፣ ዝናቡም ገባ። አባወራው ጠዋት ደወሉ፣ እኔም ሳልቆይ ደረስኩ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ሥራው መቼ እንደቆመ ነው። በእነሱ ፖሊሲ ሥራው ከ60 ቀን በላይ ከቆመና ኢንሹራንሱ በጽሑፍ ካልተስማማ ሽፋኑ ይቋረጣል። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፤ አረቦኑን እስከከፈለ ድረስ ሽፋኑ ያለ ይመስለዋል። ደግነቱ የአባወራው ባለቤት ሥራው ሊቆም ሲል ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ኢንሹራንሱም ዘበኛ እንዲኖር፣ መጋዘኑ እንዲቆለፍና ዕቃው ከመሬት ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ጠይቆ ሽፋኑን ቀጥሎላቸዋል። ያ አንድ ወረቀት ባይኖር ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ያበቃ ነበር።

ከዚያ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ አየን። የተበላሹት 80 ነበሩ። ከእነሱ 50ዎቹ ከላይኛው ድርድር ናቸው፤ ወረቀታቸው ገና እርጥብ ነው፣ ላያቸው ጠጥሯል፣ ከሥር ግን ዱቄቱ ደህና ነበር። የቀሩት 30 ደግሞ የታችኛው ድርድር ጥግ ላይ ነበሩ፤ እዚያ ጋ የእንጨቱ ርብራብ ስላልበቃ ከረጢቶቹ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። እነዚህ ከሥራቸው እንደ ድንጋይ ደርቀዋል፣ ወረቀታቸው ደረቅ ነው፣ የላይኛው ፊታቸው ግን ገና ዱቄት ነው። ዝናብ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያበላሸው። ከታች ወደ ላይ የመጣው የወለል እርጥበት ነው፣ ያም በአንድ ሌሊት የሆነ አይደለም። ፖሊሲው ድንገተኛ ጉዳትን እንጂ ቀስ በቀስ የሚመጣ ብልሽትን ስለማይሸፍን 30ዎቹ ከካሳው ወጡ።

ዕቃውን ስንቆጥር ገመዱም ጎደለ። ቁልፉ አልተሰበረም፣ አጥሩም አልተነካም፤ ጣሪያው በተከፈተበት በኩልም ሰው የገባበት ምልክት የለም፣ ዘበኛውም ያየው ነገር የለም። መቼ እንደጠፋ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። በቆጠራ ብቻ የታወቀ ጉድለት በፖሊሲው እንደ ስርቆት አይታይም፤ ስለዚህ አልተከፈለም። ዕቃ የገባበትና የወጣበት ቀን በደብተር ቢመዘገብ ኖሮ ቢያንስ የጠፋበትን ሳምንት መለየት ይቻል ነበር።

ከሁሉም በላይ የጎዳቸው ግን ግምቱ ነው። ፖሊሲውን ሲገዙ ያስመዘገቡት ከሥራ ተቋራጩ ጋር የተዋዋሉበትን ዋጋ ብቻ ነበር። ሲሚንቶውን፣ ፌሮውንና ገመዱን ራሳቸው ስለሚገዙ ግምቱ ውስጥ አልገባም። ፖሊሲው ባለቤቱ የሚያቀርበውንም ዕቃ ይሸፍናል፤ ግን የሚመዘገበው መጠን የእጅ ዋጋውን፣ ማጓጓዣውንና ባለቤቱ የሚያቀርበውን ሁሉ ጨምሮ ቤቱ ሲያልቅ የሚያወጣው ሙሉ ዋጋ መሆን አለበት። የእነሱ ቤት ሙሉ ዋጋ 100 ቢሆን ያስመዘገቡት 60 ነበር። ስለዚህ ለማንኛውም ጉዳት የሚያገኙት 60 በመቶውን ነው፤ ለ50 ከረጢት የ30 ከረጢት ዋጋ፣ ከእሱም ላይ በውሉ መሠረት ራሳቸው የሚሸከሙት የመጀመሪያ ድርሻ ይቀነሳል።

አባወራው «የጠፋው እኮ ትንሽ ነው፣ ካስመዘገብኩት መጠን የት ይደርሳል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ግራ ያጋባል። ነገር ግን አረቦኑ የተሰላው በ60ው ላይ ስለሆነ ቀሪውን 40 በራሳቸው እንደተሸከሙ ይቆጠራል። ጉዳቱ ትንሽም ይሁን ትልቅ ስሌቱ ያው ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ ሲጀመር ግምቱን አስተካከሉ፣ ዋጋ በጨመረ ቁጥር በጽሑፍ የሚያሳውቁበት አንቀጽም አስገቡ። አንድ ነገር ግን እኔ ነኝ ያነሳሁላቸው። ምድር ቤቱ ቶሎ ስለሚያልቅ ሊገቡበት አስበው ነበር። ሰው መኖር የጀመረበት ክፍል ከግንባታው ሽፋን ይወጣል፣ ላዩ ላይ ሥራ እየተሠራም ቢሆን። ስለዚህ ለምድር ቤቱ የተለየ የመኖሪያ ቤት ኢንሹራንስ ገዙ። በግንባታው ፖሊሲ ላይ ደግሞ ከላይ በሚሠራው ሥራ ምክንያት በምድር ቤቱ ላይ የሚደርስ ጉዳት እንዲሸፈን፣ ለነባር ንብረት የሚባለውን ተጨማሪ ሽፋን የራሱን ግምት አስይዘው አስጻፉ።