ኪቦርዱ አልተበላሸም ነበር

የምሠራው የትርጉም ሥራ ነው። ጽሑፉን በላፕቶፕ እጽፋለሁ፤ ከደንበኞቼ ጋር የምነጋገረው ግን በስልኬ፣ በቴሌግራም ነው። ለሁለቱም እንዲሆነኝ ብዬ አንድ የብሉቱዝ ኪቦርድ ገዛሁ። F1፣ F2 እና F3 ላይ 1፣ 2፣ 3 የሚል ምልክት አለው። እስከ ሦስት መሣሪያ ይይዛል ማለት ነው።

ከስልኬ ጋር ለማገናኘት ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። 1 ቁጥርን ሦስት ሰከንድ ያህል ተጭኜ ያዝኩ። መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ማለት ሲጀምር በስልኩ የብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ የኪቦርዱን ስም ነካሁት። አለቀ።

ጣጣው የመጣው በላፕቶፑ ነው። ከኪቦርዱ ጋር በመጣችው ወረቀት ላይ ያለው ሥዕል 1 ቁጥርን የተጫነ ጣት ነው የሚያሳየው። እኔም ለላፕቶፑ እንደገና 1 ቁጥርን ተጭኜ ያዝኩ። ስክሪኑ ላይ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር መጣ፤ በኪቦርዱ ጽፌ Enter ስል ሠራ። ማታ ወደ ስልኬ ስመለስ ግን ኪቦርዱ እንቢ አለ። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ስነካው ትንሽ ይሞክርና ይተወዋል። ከስልኩ ላይ አጥፍቼ እንደ አዲስ ፔር አደረግኩት፤ ሠራ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ላፕቶፑ እንቢ አለ።

ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። የገዛሁበት ሱቅ ስወስደው ልጁ ሳይነካው "እህቴ፣ አንዱን ስትጠቀሚ የሌላውን ብሉቱዝ አጥፊው" አለኝ። አጠፋሁ፤ ምንም አልተለወጠም። ሁለተኛ ስሄድ "እንግዲህ ኪቦርዱ ችግር አለበት፣ የተሻለ አለ፣ ልዩነቱን ጨምሪና ውሰጂ" አለኝ። ጨምሬ ወሰድኩ። አዲሱም ልክ እንደ መጀመሪያው ሆነ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይህ ነው። ልጁ አንዲት ጥያቄ ቢጠይቀኝ በቂ ነበር፦ "ለላፕቶፑ የትኛውን ቁጥር ተጫንሽ?" የሚል ሰው አጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት መሣሪያዎች ፔር ሲደረጉ አንድ የምስጢር ቁልፍ ይፈጥሩና ሁለቱም ጋ ያስቀምጡታል። በኋላ የሚተዋወቁት በዚያ ቁልፍ ነው። በኪቦርዱ ላይ እያንዳንዱ ቁጥር የሚይዘው የአንድ መሣሪያ ቁልፍ ብቻ ነው። 1 ቁጥርን ተጭኜ ይዤ ላፕቶፑን ሳስገባ የስልኬ ቁልፍ ከኪቦርዱ ተሰረዘ። ስልኬ ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የድሮውን ቁልፍ ይዞ ይጠብቃል፤ ለዚህ ነው ስሙ ዝርዝሩ ላይ ሆኖ የማይገናኘው።

ምልክቱን አሁን አውቀዋለሁ። በእኔ ኪቦርድ መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ካለ አዲስ መሣሪያ እየጠበቀ ነው። ቀስ እያለ ብልጭ ካለ የሚያውቀውን እየፈለገ ነው። መሣሪያው አጠገቡ ሆኖ፣ ብሉቱዙም በርቶ፣ ቀስ እያለ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ቁልፋቸው አልገጠመም ማለት ነው።

መፍትሔው ሁለቱንም ወገን ማጽዳት ነው። ስልኩ ላይ Forget፣ ዊንዶውስ ላይ Remove device አልኩ። ከዚያ 1 ቁጥርን ተጭኜ ይዤ ስልኩን፣ 2 ቁጥርን ተጭኜ ይዤ ላፕቶፑን አስገባሁ። ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹን ተጭኖ መያዝ የለም። ለመቀያየር አንዴ ነካ ማድረግ ብቻ ነው።

ወረቀቷ "ካልተገናኘ እንደገና ፔር ያድርጉ" ትላለች። እኔ ግን በጭራሽ በዚያ አትጀምሩ እላለሁ። ቁጥሩን ነካ አድርጋችሁ ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ። የመሣሪያውን ብሉቱዝና የኪቦርዱን ባትሪ እዩ። ተጭኖ መያዝ የመጨረሻው እርምጃ ይሁን፤ በምትይዙት ቁጥር ላይ የነበረውን ይሰርዛልና።

አንድ ነገር ልጨምር። ኪቦርዱ ጥቂት ደቂቃ ካልተነካ ይተኛል፤ ሲነቃ የመጀመሪያዎቹ ፊደላት ይዋጣሉ። ስለዚህ መጻፍ ከመጀመሬ በፊት Shift ነካ አድርጌ ትንሽ እጠብቃለሁ። አማርኛን በተመለከተ ደግሞ ኪቦርዱ የሚልከው የትኛው ቁልፍ እንደተጫነ ብቻ ነው፤ ፊደሉን የሚመርጠው መሣሪያው ነው። ላፕቶፑ ላይ አማርኛ ስለጫንኩ ስልኩም በአማርኛ ይጽፋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ጻፈልኝ። ስልኩ ላይ ለብቻው ማስተካከል ነበረብኝ።

አሁን F1 ላይ "ስ"፣ F2 ላይ "ላ" የሚል ትንሽ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ። የመጀመሪያውን ኪቦርድ ግን መልሼ አላገኘሁትም።