የእትዬ ስልክ ማታ ማታ ለምን አይጠራም ነበር?

እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። አንድ ምሽት ከስልካቸው ስክሪን ሾት ላኩልኝና ከሥሩ «ማታ ማታ ስልኬ አይጠራም። ድምፁ ግን ይኸው ክፍት ነው» ብለው ጻፉ።

እውነታቸውን ነው። የላኩልኝ የድምፅ ሴቲንግ ገጽ ነበር። «Sound»፣ «Vibrate» እና «Mute» ከሚሉት ሦስት ምርጫዎች ውስጥ የተመረጠው «Sound» ነው። ኔትወርክ ይሆናል ብዬ ልተወው ነበር። ወንድሜ ሲደውልላቸው መጀመሪያ አያነሱም፣ ወዲያው ሲደግምላቸው ግን ያነሳሉ። ይሄ ደግሞ የኔትወርክ ችግር ነው የሚመስለው።

በኋላ ፎቶውን አጉልቼ ከዳር እስከ ዳር አየሁት። ችግሩ እሳቸው ባሳዩኝ ቦታ አልነበረም። ከላይ ጥግ ላይ፣ ባትሪውና ሰዓቱ ባሉበት መስመር፣ መሃሏ ላይ አግድም ሰረዝ ያላት ትንሽ ክብ ምልክት አለች። «Do not disturb» በርቷል ማለት ነው። ይሄ ነገር ሲበራ ድምፁ ክፍት ቢሆንም ስልኩ ጥሪን ዝም ያሰኛል። የወንድሜ ሁለተኛ ጥሪ የሚሰማውም በዚሁ ምክንያት ነው። እዚያው ሴቲንግ ውስጥ፣ አንድ ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ከደወለ ጥሪውን አሳልፍ የሚል ምርጫ አለ። በእትዬ ስልክ ላይ እሱም በርቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስክሪን ሾት ሲላክልኝ መጀመሪያ የማየው ያንን የላይኛውን መስመር ነው። የአውሮፕላን ምልክት፣ የኔትወርክ መስመሮች፣ የባትሪ ቁጠባ፣ ሁሉም እዚያ ይታያል። የላከው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አያስተውለውም።

ምክንያቱን ማወቅ ቀላሉ ነገር ነበር። የከበደኝ ለእሳቸው በሚገባ መንገድ መጻፉ ነው።

መጀመሪያ የጻፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «ስክሪኑን ከላይ ወደ ታች ይሳቡና ዱ ኖት ዲስተርብን ያጥፉት»። አብሬም የራሳቸውን ስክሪን ሾት ምልክቷን በቀይ ከብቤ መለስኩላቸው። ትንሽ ቆይተው «ነካሁት፣ ምንም አይልም» አሉኝ። አራት ጊዜ ነክተዋል። ደውዬ ምን እንደሚታያቸው ስጠይቅ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ሲነኩ የነበሩት እኔ የላክሁትን ፎቶ ነው። ስክሪን ሾት እኮ ከእውነተኛው ስክሪን ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ቀይ ክብ ደግሞ «እዚህ ንካ» የሚል ነው የሚመስለው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አሁን ፎቶ በምልክበት ጊዜ ከላይም ከታችም ቆርጬ የሚያስፈልገውን ቁራጭ ብቻ አስቀራለሁ። ከሥሩም «ይህ ፎቶ ነው። ለማየት ብቻ ነው፣ አይንኩት» ብዬ እጽፋለሁ።

ሁለተኛው ችግር ቃሉ ነበር። «ዱ ኖት ዲስተርብ» ብዬ በአማርኛ ፊደል ስጽፍ እትዬ ስልኩ ላይ የአማርኛ ፊደል ፈለጉ። ስልካቸው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ አቀላጥፈው ባያነቡም ፊደሉን ከፊደል ጋር አስተያይተው ያገኙታል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቃል ትልቅና ትንሽ ፊደሉን ሳልቀይር እንዳለ መጻፍ ነበረብኝ።

በዚያ ምሽት በስልክ እየመራኋቸው አጠፉት። በማግስቱ ማታ ግን ምልክቷ ተመልሳ መጣች። ለካ የበራው በእጅ አልነበረም። «Sleeping» የሚል የሰዓት ፕሮግራም ከ9:00 PM እስከ 7:00 AM፣ ማለትም ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት፣ በየቀኑ ራሱ ያበራው ነበር። ማጥፋት ያለብን ምልክቷን ሳይሆን ፕሮግራሙን ነው። «ማታ ማታ» ሲሉኝ በደንብ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ቀን ላይ እደርስበት ነበር።

በመጨረሻ የጻፍኩላቸው ይህን ነው፦

1. መሃል ያለውን የታች ቁልፍ አንዴ ይንኩ። የልጅ ልጅዎ ፎቶ ያለበት ገጽ ይመጣል።
2. ጥርስ ያለው ጎማ የሚመስለውን ይንኩ። ከሥሩ «Settings» ይላል።
3. ረጅም ዝርዝር ያያሉ። «Notifications» የሚለውን እስኪያገኙ በጣትዎ ቀስ ብለው ወደ ላይ ይግፉ። ሲያገኙት ይንኩት።
4. «Do not disturb» የሚለውን ይንኩ።
5. «Sleeping» የሚለውን ይፈልጉ። ቃሉን አይንኩ። በስተቀኙ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ ይዩ። ሰማያዊ ከሆነች አንዴ ይንኳት፣ ግራጫ ትሆናለች። ቀድሞውኑ ግራጫ ከሆነች ይተዋት።
6. ሌላ ምንም ሳይነኩ የዚያኑ ገጽ ስክሪን ሾት ይላኩልኝ።
ያላልኩት ገጽ ከመጣ፣ ከቁጥር 1 እንደገና ይጀምሩ። ምንም አይበላሽም።

የመጀመሪያው መስመር ላይ የልጅ ልጃቸውን ፎቶ ያስገባሁት ሆን ብዬ ነው። «ሆም ስክሪን» ለእትዬ ምንም አይላቸውም። ያንን ፎቶ ግን በደንብ ያውቁታል። ትክክለኛው ቦታ መድረሳቸውን ሳይጠይቁኝ ያረጋግጡበታል።

ብዙ የለፋሁት አምስተኛው ላይ ነው። መጀመሪያ «ማብሪያዋን ይንኩ» ብቻ ነበር የሚለው። እትዬ ነኩ። የነኩ ስላልመሰላቸው ደግመው ነኩ። ተመልሳ በራች። ማብሪያ በነኩት ቁጥር ስለሚገለባበጥ «ይንኩ» ማለት አይበቃም፤ በመጨረሻ ምን ሆና መታየት እንዳለባት መጻፍ ያስፈልጋል። «ቃሉን አይንኩ» የሚለውም የመጣው ከደረሰብን ነው። ቃሉን ሲነኩ የቀንና የሰዓት ዝርዝር ያለበት ሌላ ገጽ ይከፈታል። እትዬ እዚያ ገብተው ደንግጠው ስልኩን ዘግተውት ነበር።

አንድ ነገር ቀረ። መመሪያውም ሴቲንጉም ያሉት እዚያው ስልክ ላይ ነው። ሴቲንግ ሲከፍቱ ቴሌግራሙ ይጠፋል። ወደ መመሪያው ሲመለሱ ደግሞ የት እንደደረሱ ይጠፋቸዋል። ስለዚህ እርምጃዎቹን በወረቀት ላይ እንዲገለብጧቸው ለመንኳቸው። በትልልቅ ፊደል ጻፉት፣ የእንግሊዝኛውንም ቃል እየሳሉ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ወረቀቱን ከስልኩ ጎን አስቀምጠው፣ የጨረሱትን መስመር በእስክሪብቶ እየሰረዙ ሄዱ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስክሪን ሾቱ መጣ። ማብሪያዋ ግራጫ ናት። ከላይ ያለችው ክብ ምልክትም የለችም።

የላኩልኝ ግን በቀን ነው። በቀን ፕሮግራሙ ስለማይሠራ ምልክቷ መጥፋቷ ምንም አያረጋግጥም። መሞከር ያለበት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ በመደወል። ደግመን ከደወልን በዚያ የ15 ደቂቃ ምርጫ በኩል ሊጠራ ይችላልና። ወንድሜን በ3 ሰዓት ተኩል አንዴ ብቻ እንዲደውል አደረግሁት።

ስልኩ ሁለቴ እንዳቃጨለ አነሱ። «ደግሞ ምን ልንካ?» አሉት።